ቃልዎን ተቀብያለሁ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ወንበሩን ስታዞር ነው። ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አድርገን፣ ፊታቸውን ወደ እኛ ወደ ፈታኞቹ መልሰን ነበር ያስቀመጥናቸው። እሷ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሲሚንቶው ላይ እየተጎተተ እንዳይጮህ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ አጠገቧ ወደሚቀመጠው ሰው ዘወር አደረገችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ስንት መምህር ገብቶ ወጥቷል፤ ሁሉም እኛ እንዳስቀመጥነው ነበር የተቀመጠው። ወንበር ማዞር እንደሚቻል እኔም ያን ቀን አወቅሁ።

ስሟ ወሰንየለሽ ወልደ አማኑኤል ነው። ዘመሮ አካባቢ ካለ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች።

ዘመኑ ዘጠና ስምንት ነው። የመንዝና የግሼ የእንግሊዝኛ መምህራን ማሻሻያ ሥልጠና ወስደው፣ መጨረሻ ላይ መሐል ሜዳ ተሰብስበው የንግግር ፈተና ይፈተኑ ነበር። ፈተናው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች አብረው አይገቡም፤ ሰው ከማያውቀው ጋር ይጣመራል። ጠያቂው ከደብረ ብርሃን የመጡት አቶ አፈወርቅ ናቸው። መጀመሪያ ሁለቱን ተራ በተራ ስለ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ሥዕሎች ያሉበት ካርድ መካከላቸው ያኖሩና «እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት» ብለው ዝም ይላሉ። የፈተናው ልብ ያ ነው፤ ማን ጀመረ፣ ማን ለማን ዕድል ሰጠ፣ ያልተስማማው አለመስማማቱን እንዴት ገለጸ። የእኔ ሥራ ጥግ ላይ ተቀምጦ መስማትና ነጥብ መስጠት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ በየሰዉ ድምፅ እደነቅ ነበር፤ ግን ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልኝም።

ወሰንየለሽ አምና ወድቃለች። አምና ያጣመሯት ከአንድ አንጋፋ መምህር ጋር ነበር። ሰውየው ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቀች። አልጨረሱም። ጊዜው ሲያልቅ ከእሷ አፍ የወጣው «አዎ» እና «ትክክል ነው» ብቻ ነበር። አቶ አፈወርቅ እስከ ዛሬ ያስታውሷታል። «እንግሊዝኛው እንዳላት ከዓይኗ ይታየኛል» አሉኝ። «ግን ያልሰማሁትን በምን ልመዝነው? ዝምታ ጨዋነት ነው፤ ነጥብ ግን የለውም።»

ዘንድሮም ከወደቀች እንግሊዝኛውን ትነጠቃለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረየሱስ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ከኮሌጅ የሚመጣ ልጅ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን ይረከባል፣ እሷ ወደ ታችኛው ክፍል ትወርዳለች። ታችኛውን ክፍል ንቃ አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ አንድ ነገር ጀምራ ነበር። ከነጋ እስኪመሽ አንዲት ቃል የማይወጣቸውን ልጆች ሁለት ሁለት አድርጋ ፊት ለፊት እያስቀመጠች ታነጋግራቸዋለች። መጀመሪያ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ በኋላ አንዷ ጠየቀች፣ አንዱ መለሰ። እሷ ከሄደች ያ ነገር እዚያው ይቀራል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ከፈተናው በኋላ ነው፤ ከፈተናው በፊት ከተፈታኝ ጋር አላወራም።

በረንዳው ላይ የሆነውንም እንዲሁ ከእሷ ነው የሰማሁት፤ ከፊሉን በመስኮት አይቼዋለሁ። ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። መምህራኑ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ከእሷ ትምህርት ቤት የመጣው አንዷለም ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ይመክራት ጀመር።

«ስሚ ወሴ፣ ዘንድሮ ደግሞ አዎ አዎ ብለሽ እንዳትወጪ። ሙግት ነው በይው። እግዜር የሰጠሽን አፍ ክፈቺና ጉሮሮውን ያዢው!»

«ማንን?»

«የሚደርስሽን ነዋ! ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቀሽ ዘው በይ።»

«እስቲ አንተ አሁን ትንፋሽ ውሰድ፤ እኔም ልለማመድ» አለችው። ግድግዳውን የተደገፉት ሁሉ ሳቁ። አንዷለም ራሱ ሳቀ።

ስሟ ሲጠራ አብረዋት የተጠሩት ሰው ከራቤል፣ ከግሼ የመጡ ነበሩ። መምህር መርስዔ ኃዘን። ጠጉራቸው ነጣ ነጣ ብሏል፤ ኮታቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ተምረው ኋላ ወደ አስኳላ የገቡ ናቸው፤ ሲቀመጡ እንኳ ጉልበታቸውን አጥፈው መጽሐፍ እንደሚዘረጋ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«ልጄ፣ ከየት ነሽ?»

«ከዘመሮ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ፈርተሻል።»

«አምና ወድቄያለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባት ለልጁ እንደሚለው፣ «አይዞሽ» አሏት። «እኔ አጥንቼ መጥቻለሁ። ለሁለታችንም እናገራለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ እኔ አፍ እሆንሻለሁ።»

በዚህ አገር ይህ ትልቅ ቸርነት ነው። ነገር ያለበት ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ሴት ብትሆን፣ ልጅ ቢሆን፣ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ ቢሆን፣ አንድ አዋቂ ተነሥቶ አፍ ይሆነዋል። የእሱን ነገር የራሱ አድርጎ ያቆምለታል። የወሰንየለሽ አባት አቶ ወልደ አማኑኤል ለስንት ባልቴት አፍ ሆነዋል። በዚያ ቸርነት ቤት ውስጥ አድጋ እንዴት «አይሆንም» ትበል? መምህር መርስዔ ኃዘን ያላወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አፍ የሆኑለት ሰው ይወድቃል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች። በሩ ተከፈተ።

ከዚህ ወዲያ ፈተናው እስኪያልቅ ያለው ንግግር ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ በራሳችን ቋንቋ አስቀምጠዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሰላም አለፈ። የት እንደሚያስተምሩ፣ ስለ አካባቢያቸው ምን እንደሚወዱ። እሷ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ስለ ጓሳ ሣር ተናገረች። እሳቸው ስለ ራቤል ገበያ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሳያገናኙ፣ ግን ሳያቋርጡ መለሱ። ከዚያ አቶ አፈወርቅ ካርዱን መካከላቸው አኖሩት። አምስት ሥዕሎች ነበሩበት፤ የውኃ ታንከር፣ መጻሕፍት፣ አጥር፣ የጣሪያ ቆርቆሮና ኳስ። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ይሰጠዋል ቢባል የቱ ይበጃል? ተነጋገሩና ለመወሰን ሞክሩ። አቶ አፈወርቅ ይህን ብለው ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ጣሉ።

መምህር መርስዔ ኃዘን ጀመሩ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኛ እያዩ፣ እንደ ጸሎት አንበለበሉት። «እኛ ሁለታችን አጥርን መርጠናል። አጥር በጣም ጠቃሚ ነው። አጥር ትምህርት ቤትን ይጠብቃል። ትምህርት የአገር መሠረት ነው። ያለ ትምህርት ዕድገት የለም። እኛ ሁለታችን እንደምናምነው . . .»

እኛ ሁለታችን። በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እሷንም ይዘዋት ይሄዳሉ። እሷ ካርዱን ታያለች። ከንፈሯ ተከፍቶ ተመልሶ ተገጠመ። የፈተናውን ጊዜ የምይዝበት ሰዓት እጄ ላይ እየቆጠረ ነው። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ፣ አንድ ሰው ሌላውን በገዛ ቸርነቱ ሲያሰጥመው አያለሁ። ጮክ ብዬ «ተናገሪ!» ልላት ተመኘሁ። አቶ አፈወርቅ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ አነሡ፤ አንደኛው ንግግሩን ጨርሶ ካልተወ ጠያቂው ዕድሉን ወደ ሌላው ማዞር ይችላል። ግን በጠያቂ ተጎትቶ መናገርና በራስ መግባት አንድ አይደለም፤ ለዚያ ነው እጃቸው አየር ላይ የቆየው።

ሽማግሌው ትንፋሽ ወሰዱ። አንዷለም ዘው በይ ያላት ቦታ ያ ነበር። እሷ ዘው አላለችም። ሰውነቷን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገች፤ ወንበሩ ቀድሞም ዞሯል። መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገችና እስኪያዩዋት ጠበቀች። ሲያዩዋት፣ «ጌታዬ» አለች፣ «ቃልዎን ተቀብያለሁ። አጥር ይጠብቃል ብለዋል። እውነት ነው፤ የእኛንም ግቢ በጎች እየገቡ ያበላሹታል።»

መምህር መርስዔ ኃዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አፍ የሆኑላት ልጅ ስትመሰክርላቸው ደስ ብሏቸዋል።

«ነገር ግን በአንድ ነገር ላይ እኔ ሌላ አሳብ አለኝ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጥር በጎችን ከውጭ ያስቀራል። የእኔን ተማሪዎች ከውጭ የሚያስቀራቸው ግን ውኃ ነው። ሴቶቹ ልጆች ጠዋት ምንጭ ወርደው ሲመለሱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ታንከሩ ግቢ ውስጥ ቢሆን ቀድተው ይሄዳሉ። በእናንተስ እንዴት ነው? ልጆቹ ውኃ ይቀዳሉ?»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። እኛ ሁለታችን ያሉት ተሰበረ። የሆነውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው መሰለኝ፤ አጠገባቸው ያለችው ሰው እንዳልሆነች አድርገው ሲናገሩ እንደቆዩ። ያጠኑት ውስጥ ለጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረም። ከንፈራቸውን አራሱ። የሚሉት ጠፍቷቸው እንደሆነ አየሁ።

እሷም አየች። አሁን ሜዳው የእሷ ነበር። የቀረውን ጊዜ ብቻዋን ብትናገርበት ማን ይከለክላታል? አንዷለም ቢሆን ያጨበጭብላት ነበር። እሷ ግን አፍ አልሆነችላቸውም። ጠበቀቻቸው። አምና ስትጠብቅ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር አሉ፤ አሁን ዓይኗ እሳቸው ላይ ነው። ቆይታ ጥያቄውን አሳንሳ መለሰችላቸው፦ «ምንጩ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ» አሉ። የመጀመሪያ የራሳቸው ቃል ነበረች። «በጣም ሩቅ። ገደል አለ። አንዲት ልጅ . . . እንስራዋ ተሰበረ። አለቀሰች። ትምህርት ቤት አልመጣችም።»

«አዝናለሁ» አለች። «እንግዲያ ውኃ ይቅደም ብል ይስማማሉ?»

«አይ!» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው። አሁን ወደ እኛ አያዩም፤ ወደ እሷ ዞረዋል። «ስለ ውኃ ልክ ነሽ። ግን አጥር ከሌለ፣ ከብት ይመጣል፤ ታንከሩን ይገፋል። ቧንቧውን ይሰብራል። አየሁ እኔ።»

«እሱን አላሰብኩትም» አለች፣ ተገርማ። ይህ የፈተና ግርምት አልነበረም። «እንግዲያ ታንከሩን ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ አጠገብ ብናደርገውስ?»

«ግድግዳ . . . ምናልባት። ግን . . .»

አቶ አፈወርቅ «አመሰግናለሁ» አሉ። ጊዜው አልቋል። አልተስማሙም። ወሰንየለሽ እንደ በረደው ሰው እጇን እጇ ውስጥ አስገባች። ወስኑ ተብለው ሳይወስኑ መቅረታቸው እንዳስደነገጣት ታየኝ። መስማማት ነጥብ እንደሌለው፣ የሚመዘነው መንገዱ እንደሆነ ልነግራት አልችልም ነበር።

ሲወጡ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አየሁ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፍዎን ነጠቅሁ።»

«ተነሺ፣ ተነሺ! ምን ይቅርታ አለው» አሉ መምህር መርስዔ ኃዘን፣ ትከሻዋን ይዘው እያነሡ። «ባትነጥቂኝማ ኖሮ ቃሌ አልቆ ነበር። የያዝኩት እስከዚያው ድረስ ነው። ኋላ ትምህርት የአገር መሠረት ነው እያልኩ ሦስተኛ ልደግመው ነበር!»

ከውስጥ አቶ አፈወርቅ ሰምተው በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያንን ከየት አመጣችው?» አሉኝ። «ቃልዎን ተቀብያለሁ የሚል ሥልጠናው ላይ አላስተማርንም።»

ከየት እንዳመጣችው ኋላ ነገረችኝ። አባቷ የጓሳን የጋራ ሣር ምድር ከሚጠብቁት ሽማግሎች አንዱ ነበሩ። የጓሳ ሣር መቼ እንዲታጨድ፣ መቼ እንዲዘጋ የሚወሰነው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ክብ ሆነው ተቀምጠው ነው። በእነሱ ደብር ማንም የፊተኛውን ንግግር ሳያነሣ የራሱን አይጀምርም። «ቃልዎን ተቀብያለሁ» ይላል፤ የተባለውን ባጭሩ ይመልሳል፤ ተናጋሪው «ነው» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ነው የሚቃወመው። ያን ጊዜ ብላቴናም ቢሆን ሽማግሌን ቢቃወም ነውር የለበትም፤ ቃሉን መሬት አልጣለበትምና። ሴቶቹ ከክቡ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ነበር የሚቀመጡት። እሷ ከዚያ ሆና ስንት ክርክር ሰምታለች። አንድ ቀን እንኳ ክቡ ውስጥ ገብታ አልተናገረችም።

«አምና ለምን አላልሽውም?» አልኳት።

«አምና የእንግሊዝኛ ነገር አልመሰለኝም» አለች። «እንግሊዝኛ የፈረንጅ ነው፤ የአባቴ ወግ ምን ሊሠራ ይገባበታል ብዬ። ዘንድሮም አስቤበት አይደለም። ጋሼ እኛ ሁለታችን ሲሉ ሰማሁና፣ ዛፉ ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው የወጣኝ።»

ውጤቱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ። ወሰንየለሽ አልፋለች። መምህር መርስዔ ኃዘን በጥቂት ወድቀዋል። ሰው ሲጋፋ እሷ ስሟን አይታ አልጮኸችም፤ ጣቷን ወደ ታች እያወረደች የሳቸውን ፈለገች። ካገኘችው በኋላ ብዙ ቆመች። ሽማግሌው ከኋላዋ ሆነው ያያሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አሏት።

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች።

«አታልቅሺ እንግዲህ። እኔ ከርሞም እመጣለሁ፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ። ብቻ» አሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ «ከርሞ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል?»

ወደ ራቤል የሚሄደው አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋ። ደገፍ አድርጋ አሳፈረቻቸው፤ ጋቢያቸውን አቀበለቻቸው። መኪናው ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ቆማ ሸኘች። ከዚያ ነው ወደ እኔ የመጣችው፤ ከላይ የጻፍኩትንም ሁሉ የነገረችኝ የግቢው በር ላይ ቆመን ነው። ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ የመጣችውም ለእሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እኔ ነኝ የጣልኳቸው?»

አሁን መናገር ይፈቀድልኝ ነበር። «አይደለሽም» አልኳት። «እዚያ ክፍል ውስጥ አንዱ ከሌላው ጋር አይመዘንም፤ ሁሉም በገዛ ራሱ ነው። የሳቸው ቋንቋ አልበቃም። መጀመሪያ ላይ ለተናገሩት ሁሉ፣ ከሰው ጋር በመነጋገር በኩል አንድም ነጥብ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ያገኙት ሁሉ አንቺ ምንጩ ሩቅ ነው ካልሻቸው በኋላ ያለው ነው።»

ሰማችኝ። የተናገርኩትን ልትቀበል ይሁን ልትቃወም ከፊቷ ለማወቅ አልቻልኩም።

«ቃልህን ተቀብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «የሳቸው ቋንቋ አልበቃም አልክ።» ቆም አለች፤ «ነው» እስክላት ነበር የምትጠብቀው፤ እኔ ግን ደንግጬ ዝም አልኩ። «ግን ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ይበቃ ነበር። ስንት ዓመት ሲያስተምሩ በዚያ ቋንቋ ማን ምን ጠየቃቸው?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፋች። ሰኞ ስድስተኛ ክፍል እንደምትገባ፣ ወንበር ስለሌለ ልጆቹ ድንጋዩን ራሳቸው እያዞሩ እንደሚቀመጡ ነገረችኝ፤ ደህና ሁን አለችኝና ወደ ዘመሮ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ትንሽ ከሄደች በኋላ «ነው» አልኩ፣ ለራሴ። አልሰማችኝም፤ ጀርባዋ ብቻ፣ ከዚያ የነጠላዋ ጥበብ ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ መንገዱ።